ስለ ፋይናንስ መምሪያ ኃላፊ የቀረበ ስም ያልተጠቀሰበት አስተያየት

ለሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ

ሠራተኞች ስለ ቅርብ ኃላፊዎቻቸው ያላቸውን አስተያየት ስማቸውን ሳይጠቅሱ እንዲሰጡ በወጣው ማስታወቂያ መሠረት፣ ሜክሲኮ በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት በፋይናንስ መምሪያ ኃላፊ ሥር ከሚሠሩት መካከል ሆኜ ይህን ጽፌአለሁ። የአስተያየት መስጫው ሳጥን የተሰቀለው ከጥበቃ ካሜራው ፊት ለፊት ስለሆነ በፖስታ መላክን መርጫለሁ። የማነሣቸው ጉዳዮች ብዙዎቻችን ያየናቸው ናቸው፤ ቀንና የሰው ስም ያልጠቀስኩትም ሆን ብዬ ነው።

ኃላፊው ሥራቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ኦዲተሮች በመጡ ጊዜም ጥፋትን በበታች ሠራተኛ ላይ አላክከው ራሳቸውን ሲያድኑ አላየሁም፤ ይህ ሊመሰገኑበት የሚገባ ጠባይ ነው።

ይሁን እንጂ በውጭ ሰው ፊት የሚከላከሉትን ሠራተኛ በመምሪያው ውስጥ፣ ባልደረቦቹና ክፍያ ለመቀበል የመጡ ባለጉዳዮች እየሰሙ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቆጡታል። ከሠራተኛው ማፈር ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ በሥራው ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ነው፤ የሒሳብ ልዩነት ያገኘ ሰው ወዲያው ከማሳወቅ ይልቅ ቁጣውን ሽሽት ብቻውን ሲፈልገው ይቆያል፣ ነገሩ የሚወጣውም በወሩ መጨረሻ የባንክ ሒሳብ ሲመሳከር ነው። ሰነዱ ያልተሟላ ክፍያ እንዲፈጸም በስልክ አዝዘው፣ በኋላ ጥያቄ ሲነሣ ትእዛዙን እንደማያስታውሱ የሚናገሩበት ጊዜም አለ፤ ቼኩን ያዘጋጀው ሠራተኛ ግን ፊርማው ሰነዱ ላይ ስለሚቀር የሚከራከርበት ማስረጃ የለውም።

ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ እስከ ምሽት እንሠራለን፣ የትርፍ ሰዓት ቅጹ ግን «ለመሥሪያ ቤታችሁ ስትሉ ነው» እየተባለ ሳይፈረም ይቀራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በሥራ ቀን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራውም የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ እንዲከፈል ያዛል። ሥራውን ማንም አልጠላም፤ የተሠራው ሰዓት ይመዝገብ ነው የምንለው።

ኃላፊው እንዲቀየሩ አልጠይቅም። ተግሣጽ በቢሯቸው በር ተዘግቶ እንዲሰጥ፣ የክፍያ ትእዛዝ ቢያንስ በኢሜይል እንዲረጋገጥ፣ የትርፍ ሰዓት ቅጽም ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዲፈረም ቢደረግ አብዛኛው ችግር ይቃለላል ብዬ አምናለሁ።

የመምሪያው ሠራተኞች ጥቂት በመሆናችን አጻጻፌ ብቻውን ማንነቴን ሊጠቁም ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው እንዳለ ለኃላፊው እንዳይደርስ፣ ፍሬ ነገሩም ከሌሎች አስተያየቶች ጋር ተጠቃልሎ በእናንተ ቃል እንዲነገራቸው፣ ከዚያም በኋላ «ማን ጻፈው» የሚል ስብሰባ እንዳይጠራ በአክብሮት እጠይቃለሁ።