ለኤሌክትሪክ ምጣድ ቅሬታ የተሰጠ መልስ እና የገንዘብ ተመላሽ ደንባችን

ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለተከበሩ እናታችን
ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም

ጤና ይስጥልን። ልጅዎ ጥር 14 ቀን ከውጭ አገር በእንግሊዝኛ ለጻፈችልን ቅሬታ መልሳችንን በዚያው ቋንቋ ልከንላታል። ምጣዱ ላይ የሚጋግሩት ግን እርስዎ ስለሆኑ ያንኑ መልስ በአማርኛ ተርጉመን እነሆ ልከናል። ለእርሷ የጻፍነው ሁሉ እዚህ አለ፤ የተቀነሰም የተለዘበም ነገር የለም። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ልዩነት ከተገኘ ለእርስዎ የሚጠቅመው ይጸናል።

ውሳኔያችንን አስቀድመን እንንገርዎ። የምጣዱን ዋጋ 7,200 ብር፣ የማድረሻ 400 ብር እና ጥር 10 ቀን ለተበላሸው ሊጥ የዱቄት ዋጋ 800 ብር፣ በድምሩ 8,400 ብር እንመልሳለን። ለሶኬቱ ማሠሪያ የጠየቁትን 600 ብር ግን አንከፍልም። የሁለቱንም ምክንያት ከዚህ በታች ያገኙታል።

ጥር 5 ቀን የወሰዱት 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ነው። የነገሩን ችግር ሦስት ነው፤ በግራ በኩል እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሸክላው ተሰንጥቋል፣ ስፒናው ቀልጧል። ባለሙያችን ጥር 18 ቀን ቤትዎ መጥቶ ያገኘውን በቅደም ተከተል እንጻፍልዎ።

ምጣዱ ለ15 ደቂቃ ከጋለ በኋላ ሙቀቱ ተለካ። መሐሉ 215፣ የቀኙ ዳር 205፣ የግራው ዳር 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ተገኘ። በ140 ዲግሪ ሊጡ ይደርቃል እንጂ እንፋሎቱ በኃይል ስለማይወጣ ዓይን አይሠራም፤ ከታችም ይጣበቃል። በመጀመሪያ የጠረጠርነው የመብራቱን ኃይል ማነስ ነበር። በዚያ ሰዓት ሶኬቱ ላይ የተለካው 206 ቮልት ነው፤ በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚሠራ ምጣድ በ206 ቮልት ወደ 3,070 ዋት ይወርዳል። ይህ ግን ምጣዱን በሙሉ ያዘገየዋል እንጂ አንዱን ወገን ብቻ አያቀዘቅዝም። የሽቦው መቋቋም 13.9 ኦም ሆኖ ስለተለካ ሽቦውም አልተቆረጠም፤ ለዚህ ዋት የሚጠበቀው 13.8 ገደማ ነው። የቀረው ሽቦው የተዘረጋበት መንገድ ነበር። ጀሶው ሲነሳ በግራ በኩል በሽቦው ዙሮች መካከል ያለው ርቀት 3 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ በቀኝ በኩል 1.8 ነው። ሽቦው በግራ ሳስቶ በቀኝ በዝቷል። ይህ የእኛ የሥራ ጉድለት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስንጥቁም ከዚሁ የመጣ ነው። መሐሉና ቀኙ እየጋለ ግራው ሲቀዘቅዝ ሸክላው እኩል አይሰፋም፤ ልዩነቱ በበዛበት መስመር ላይ ይከፈታል። የእርስዎ ምጣድ ስንጥቅ ከጀርባ ተነስቶ ሽቦው የተቀበረበትን ቦይ ተከትሎ ነው የሄደው። ጥር 16 ቀን በስልክ «ውኃ አፍስሰውበት ይሆናል» የተባሉት ምጣዱ ሳይታይ ነው፤ እንዲያ መባል አልነበረበትም። በጋለ ምጣድ ላይ ውኃ ሲፈስ የሚመጣው ስንጥቅ ከፊት፣ ውኃው ካረፈበት ቦታ ይጀምራል። በእርስዎ ምጣድ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ምልክት የለም። ማሟሸቱም በደንብ የተሠራ ነው፤ ጎመን ዘሩ እኩል ገብቶ ጠቁሯል።

የሊጡን ጉዳይ ለይተን አይተነዋል። በአሠራራችን በምጣድ ብልሽት ለጠፋ ሊጥ አንከፍልም፤ ምን ያህል እንደተቦካና እንዴት እንደተበላሸ ከሩቅ ሆኖ ማረጋገጥ ስለማይቻል። ስለዚህ ጥር 8 ቀን ለተበላሸው አልከፈልንም። በዚያው ዕለት ደውለው ሲነግሩን ግን «ገና አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲጋገርበት ይስተካከላል» አልንዎት። በእኛ ቃል ተማምነው ለጥምቀት እንግዳ 5 ኪሎ ጤፍ አብኩተው በከተራው ዕለት ያው ሆነ። ሁለተኛው ኪሳራ ከምጣዱ ይልቅ ከምክራችን የመጣ ስለሆነ የ5 ኪሎውን 800 ብር እንከፍላለን። ለበዓሉ እንጀራ ከውጭ መግዛትዎ እንዳሳዘነንም እንዲያውቁልን እንወዳለን።

ስለ ስፒናውና ሶኬቱ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። ምጣዱ ወደ 16 አምፔር ይስባል። የተሰካው በ10 አምፔር ዲቫይደር ላይ ነበር፤ የዲቫይደሩም ገመድ ቀጭን ነው። እንዲህ ያለ ገመድና የላላ ሶኬት ከአቅሙ በላይ ሲጫን መጀመሪያ የሚግለው መገናኛው ነው፤ ስፒናው የቀለጠው ለዚህ ነው። ሽቦው በትክክል የተዘረጋ ምጣድ ቢሆንም በዚያ ዲቫይደር ላይ ይህ መድረሱ አይቀርም ነበር። «በዲቫይደር አይሰካ» የሚለው በምጣዱ እግር ላይ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተለጥፏል፤ ሲረከቡም ተነግሮዎታል። ስለዚህ 600 ብሩን አንመልስም። ከየትኛውም ቤት ምጣድ ቢገዙ ግን ለደኅንነትዎ ይህን ያሠሩ፦ ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የሚመጣ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 20 አምፔር ብሬከር፣ የማይላላ የ16 አምፔር ሶኬት፣ ግራውንዱ የታሰረ። ያንን ዲቫይደር ለሌላ ከባድ ዕቃም አይጠቀሙበት፤ ውስጡ ተቃጥሏል።

አሁን ምርጫው የእርስዎ ነው። ገንዘቡን ከመረጡ ሐሙስ ጥር 21 ቀን ጠዋት ሁለት ልጆች መጥተው ምጣዱን ከ4ኛ ፎቅ ያወርዳሉ፤ እርስዎ ምንም አይሸከሙም፣ ለመኪናም አይከፍሉም። ገንዘቡ እስከ ዓርብ ጥር 22 ቀን ማታ ይገባል። የከፈለችው ልጅዎ ስለሆነች ወደ እርሷ ሒሳብ መላክ ነበረብን፤ ለእናቴ ስጡልኝ ብላ በጽሑፍ ስለፈቀደችልን በእርስዎ ቴሌብር እንልካለን። በገንዘቡ ፋንታ አዲስ ምጣድ ከመረጡ ሦስቱ ቦታዎች ሙቀታቸው ተለክቶ፣ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ይመጣልዎታል፤ የሊጡ 800 ብር ያኔም ይከፈልዎታል። አክንባሎውን ወደውት ከሆነ በሁለቱም ምርጫ ለእርስዎ ይቅር። በገዙበት ስልክ አንድ ጊዜ ቢደውሉልን ይበቃል፤ የሚፈርሙት ቅጽ የለም።

በውሳኔያችን ካልተስማሙ ለአካባቢዎ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት ማለት ይችላሉ። የምርመራውን ወረቀትና የምጣዱን ፎቶ እኛው እንሰጥዎታለን።

የዛሬው ውሳኔ ለእርስዎ ብቻ የተደረገ ችሮታ እንዳይመስል ከጥር 20 ቀን ጀምሮ ለሁሉም ደንበኛ የሚሠራውን ደንብ አያይዘናል። ሱቃችን ግድግዳ ላይም ተለጥፏል።

ከአክብሮት ጋር
የምጣድ ማምረቻው ባለቤትና የጥገና ኃላፊው

የገንዘብ ተመላሽ ደንብ

1. ሐሳብዎን ከቀየሩ። ያልተሟሸና ሊጥ ያልነካው ምጣድ በ7 ቀን ውስጥ ከመጣ ዋጋው በሙሉ ይመለሳል፤ የማድረሻ ክፍያ አይመለስም። የተሟሸ ምጣድ ግን ያለ ብልሽት አንቀበልም። ሸክላው ዘይት ስለጠጣ እንደ አዲስ ለሌላ ሰው መሸጥ አይቻልምና።

2. በ30 ቀን ውስጥ የሥራ ጉድለት ከተገኘ። ሽቦ መቆረጥ፣ በሦስት ቦታ ሲለካ ከ30 ዲግሪ በላይ የሙቀት ልዩነት፣ ከጀርባ የተነሳ ስንጥቅ፣ ወይም ሲነኩት የሚነዝር ምጣድ የእኛ ጉድለት ነው። ሙሉ ገንዘብ ወይም አዲስ ምጣድ የሚመርጠው ደንበኛው ነው። ስለተጋገረበት ተብሎ የሚቀነስ የለም። ማድረሻውም ማንሻውም በእኛ ነው። የሚነዝር ምጣድ ወዲያው ከሶኬት ይነቀል፤ ባለሙያ በዚያው ቀን ይመጣል።

3. ከ31ኛው ቀን እስከ አንድ ዓመት። ጥገናው በነጻ ነው። ሁለት ጊዜ ተጠግኖ ያው ብልሽት ከተመለሰ ገንዘብ ይመለሳል፤ በእጅ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ወር ከዋጋው 4 በመቶ ይቀነሳል። ለምሳሌ በ7,200 ብር የተገዛ ምጣድ 6 ወር ቢሞላው በወር 288፣ በድምሩ 1,728 ብር ተቀንሶ 5,472 ብር ይመለሳል። ቀኑ የሚቆጠረው ከተረከቡበት እንጂ ከከፈሉበት አይደለም።

4. እንጀራ እየሸጡ ለሚተዳደሩ። በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጋገርበት ምጣድ ሽቦው ቶሎ ስለሚደክም ተራ ቁጥር 3 ላይ ያለው ጊዜ 90 ቀን ነው። ይህ ከሽያጭ በፊት ይነገራል፣ ደረሰኙም ላይ ይጻፋል። ካልተጻፈ እንደ ቤት ምጣድ ይቆጠራል።

5. የማንከፍልባቸው። በጋለ ምጣድ ላይ ውኃ መፍሰስ፣ መውደቅ፣ ሌላ ጠጋኝ ጀሶውን መክፈቱ፣ በዲቫይደር በመሰካት የቀለጠ ስፒና። ከነዚህ በአንዱ ምክንያት ስንከለክል ምክንያቱን ማሳየት የእኛ ግዴታ ነው፤ ምጣዱን ደንበኛው ባለበት ከፍተን ፎቶ እንሰጣለን። ማሳየት ካልቻልን ለደንበኛው እንፈርዳለን። በስልክ ብቻ ሰምተን የደንበኛ ጥፋት ነው አንልም።

6. ደረሰኝ ከጠፋ። በእግሩ ላይ የተመታው ቁጥር ወይም የገዙበት ስልክ ይበቃል።

7. ጊዜና አከፋፈል። ቅሬታ በደረሰን በ2 የሥራ ቀን መልስ፣ በ3 የሥራ ቀን ባለሙያ፣ ምጣዱን ባነሳን በ3 የሥራ ቀን ገንዘብ። ገንዘቡ ወደ ከፋዩ ይመለሳል፤ ከፋዩ በጽሑፍ ከፈቀደ ለሌላ ሰው ይሰጣል። የባንክና የቴሌብር መላኪያ በእኛ ነው። ምጣዱን ለማንሳት የዘገየነው እኛ ከሆንን ገንዘቡ አይዘገይም።

8. ይህ ደንብ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች የተሰጠውን መብት አይቀንስም። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ይገኛል፤ ልዩነት ቢገኝ ለደንበኛው የሚጠቅመው ይሠራል።