የሁለት ቀን የክፍል አያያዝ ሥልጠና፦ ሠልጣኙ ምን ሠርቶ ያሳየናል?

ሠልጣኞች፦ ከአምስቱ የጉድኝቱ ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ 32 የ1ኛ–4ኛ ክፍል መምህራን
ቦታ፦ አዲስ አበባ፣ በጉድኝት ማዕከሉ ትምህርት ቤት
ጊዜ፦ ነሐሴ 27 እና 28፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 10:30
የሚደርሳቸው፦ አራቱ አሠልጣኞች፣ ሱፐርቫይዘሮች እና ሠልጣኞቹ ራሳቸው

ውድ ባልደረቦች፣

የአምናውን የሥልጠና ሰነድ ሰሞኑን አውጥቼ አነበብኩት። ዓላማ በሚለው ሥር «ሠልጣኞች ስለ ክፍል አያያዝ በቂ ግንዛቤ ያገኛሉ» ይላል። የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሥልጠናው ሲያልቅ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አድርጎ፣ ፈርሞ፣ አበሉን ተቀብሎ ሄደ። ግንቦት ላይ ስምንት ክፍል ገብተን ስናይ ግን የክፍል አለቃው አሁንም ሰሌዳው ጥግ ላይ የረባሽ ስም ይጽፋል። አርጩሜውም ከጠመኔው ጎን ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ግንዛቤው ተገኝቶ ይሆናል። በምን እናውቃለን?

ስለዚህ ዘንድሮ «ይረዳሉ»፣ «ያውቃሉ»፣ «ይገነዘባሉ» የሚሉትን ቃላት ከሰነዱ አውጥቻለሁ። እያንዳንዱ ዓላማ ሦስት ነገር ይናገራል። ሠልጣኙ ምን ይሠራል? በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ? ስንት ሲሆን ነው በቂ የምንለው? ሦስተኛውን ነው ሁልጊዜ የምንረሳው።

መነሻችን የግንቦቱ ጉብኝት ነው። አንድ የ3ኛ ክፍል መምህርት ነበሩ። ተማሪዎቻቸው 61 ናቸው። «ደብተር አምጡ» ሲሉ 61ዱም ባንዴ ተነሡ። ዴስክ ተገፋ፣ እርሳስ ወደቀ፣ አንዷ ልጅ አለቀሰች። ደብተሩ ተሰብስቦ ክፍሉ ጸጥ እስኪል ሰባት ደቂቃ ሄደ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። መምህርቷ ትምህርታቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ልጆቹም የሚወዷቸው ሰው ናቸው። ችግሩ ደብተር እንዴት እንደሚሰጥ ልጆቹን ያስተማራቸው አለመኖሩ ነው። ጃኮብ ኩኒን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ብዙ የክፍል ቪዲዮ ከመረመረ በኋላ የደረሰበትም ከዚህ አይርቅም። ክፍላቸውን በደንብ የሚይዙትን መምህራን ከሌሎቹ የሚለያቸው ረብሻ ከተነሣ በኋላ የሚያደርጉት ነገር አልነበረም። ልዩነቱ ረብሻው እንዳይነሣ አስቀድመው በሚያደርጉት ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ ለመከላከል የሰጠሁት ለዚህ ነው።

ጥቅል ዓላማ

እያንዳንዱ ሠልጣኝ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ በራሱ ክፍል ውስጥ፣ ደወል ከተደወለ በ4 ደቂቃ ጊዜ ውስጥ ተማሪዎቹን ሥራ ያስጀምራል። ይህንንም ሳይጮህ፣ ሳይመታ፣ ማንንም ሳያሸማቅቅ ያደርጋል። ግንቦት ላይ ካየናቸው ስምንት ክፍሎች በ4 ደቂቃ የጀመሩት ሁለት ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ዝርዝር ዓላማዎች

ዓላማ 1። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ለሚያስተምረው ክፍል ከሦስት ያላነሱ፣ ከአምስት ያልበለጡ ደንቦችን በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጽፋል። እያንዳንዱ ደንብ «ምን ይደረግ» የሚል እንጂ «ምን አይደረግ» የሚል አይሆንም። በዓይን የሚታይ ወይም በጆሮ የሚሰማ ድርጊት ይገልጻል። ርዝመቱም ከስምንት ቃል አይበልጥም። ሁሉም ደንቦቹ ሦስቱን መለኪያ ካሟሉ አልፏል።

«አትረብሹ» አያልፍም። «ሥነ ሥርዓት ይኑራችሁ» አያልፍም፤ የ7 ዓመት ልጅ ሥነ ሥርዓት ምን እንደሚመስል አይቶ አያውቅም። «ለመናገር እጄን አወጣለሁ» ያልፋል። የሚያርመው አጠገቡ የተቀመጠው ሠልጣኝ ነው። አሠልጣኙ ከየቡድኑ ሁለት ወረቀት ብቻ አንሥቶ ያጣራል።

ዓላማ 2። እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ የክፍል ልማድ መርጦ፣ ሰባት ባልደረቦቹን እንደ ተማሪ አስቀምጦ፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ልማዱን ያስተምራል። ልማዱ ወደ ክፍል አገባብ፣ ደብተር አሰጣጥ፣ ቡድን አመሠራረት ወይም ሽንት ቤት መጠየቅ ሊሆን ይችላል። በማሳያው ውስጥ አምስት ነገሮችን እንፈልጋለን። ልማዱን ከሦስት ባልበለጡ ደረጃዎች ይናገራል። ራሱ ሠርቶ ያሳያል። አንድ ተማሪ እንዲሠራው ያደርጋል። ሁሉንም ያለማምዳል። በመጨረሻ ትክክል የሆነውን ለይቶ ይናገራል። ከአምስቱ አራቱ ከታዩ በቂ ነው፤ ሁሉንም ማለማመዱ ግን ከአራቱ አንዱ መሆን አለበት።

ለዚህ ዓላማ ብዙ ጊዜ መያዜን አውቃለሁ። ብዙዎቻችን ልማድን እናስተምራለን ስንል እንናገራለን እንጂ አናለማምድም። የደብተሩን ነገር ውሰዱት። እንዲህ ይሁን፦ ከዴስኩ ጥግ ያለው ልጅ የሦስቱን ደብተር ይደራርባል። ወደ ፊት ያሳልፋል። የፊተኛው ዴስክ ክምሩን መተላለፊያው ላይ ላለው ልጅ ይሰጣል። መምህሩ በየረድፉ አንዴ ብቻ ይነሣል። ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ለማለማመድ ግን የመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት ያስፈልጋል፤ በየቀኑ፣ በባዶ ደብተርም ቢሆን። አራቱ አሠልጣኞች በአራት ክፍል ተከፍለን ስምንት ስምንት ሠልጣኝ እንይዛለን። ለአንድ ሰው 5 ደቂቃ ማሳያ፣ 2 ደቂቃ አስተያየት። በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ ሻይ ካልዘገየ።

ዓላማ 3። ባልደረቦቹ ሆን ብለው እያወሩ ባሉበት ሠልጣኙ የመረጠውን ምልክት ይሰጣል፣ በ10 ሰከንድ ውስጥም የሁሉንም ዓይን ያገኛል። ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ከተሳኩ አልፏል። ምልክቱ የጭብጨባ ምት፣ የተነሣ እጅ ወይም ጥሪና ምላሽ ሊሆን ይችላል። ዴስክ መደብደብ፣ «ዝም!» ብሎ መጮህ እና በአርጩሜ ሰሌዳ መምታት አይቆጠርም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከምልክቱ በኋላ ሠልጣኙ ሁለት ሰው እያወራ ትምህርቱን ከቀጠለ ሙከራው ወድቋል። ልጆች ምልክቱን መናቅ የሚጀምሩት እዚያው ላይ ነው።

ዓላማ 4። ሠልጣኙ የራሱን ክፍል አቀማመጥ በአንድ ገጽ ይሥላል። በዴስክ ሦስት ልጅ ቢቀመጥም፣ መምህሩ ከመተላለፊያ ተነሥቶ ወደ ማንኛውም ልጅ ሲጠጋ በመካከል ከአንድ ልጅ በላይ አይኖርም። ማየት ወይም መስማት የሚቸግራቸው ልጆች የሚቀመጡበትም ይመለከታል። የክፍላችሁን ርዝመትና ስፋት በእርምጃ ለክታችሁ ኑ።

የሁለተኛው ቀን ዝርዝር ዓላማዎች

ዓላማ 5። ሠልጣኙ በወረቀት የቀረቡለትን ስድስት አጋጣሚዎች በ20 ደቂቃ ውስጥ አንብቦ ለእያንዳንዱ ትምህርቱን በትንሹ የሚያቋርጠውን ምላሽ ይመርጣል፤ ምክንያቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ከስድስት አምስቱን ካገኘ በቂ ነው። ነገር ግን በአንዱም ቢሆን መምታት፣ መቆንጠጥ፣ ማንበርከክ፣ ፀሐይ ላይ ማቆም ወይም በስድብ ማሸማቀቅ ከመረጠ፣ ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆንም ዓላማውን አልደረሰበትም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ክርክር እንደሚያስነሣ አውቃለሁ። «እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» የሚል አይጠፋም። ክርክሩን የምንጀምረው ከሕጉ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካላቸውን ከሚጎዳ ወይም ከጭካኔና ኢሰብዓዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ቀጥሎ «ታዲያ በምን ልያዛቸው?» ይመጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዓላማ 5ም ለእሱ የቀረበ መልስ ነው።

ከአጋጣሚዎቹ ሁለቱን ከወዲሁ ላሳያችሁ። የመጀመሪያው፦ ሰሌዳ ላይ እየጻፋችሁ ከኋላ አንድ ልጅ ዞሮ ያወራል። ትክክለኛው ምላሽ ትምህርቱን ሳታቋርጡ ወደ ልጁ ጠጋ ማለት ነው። ካልሆነ ዓይን፣ ካልሆነ ስሙን በጥያቄ ውስጥ ማስገባት፣ ካልሆነ ቀስ ብሎ ደንቡን ማስታወስ። 60 ልጅ አቁሞ አንዱን መምከር የመጨረሻው ነው፤ ያወራው አንድ ልጅ ነው፣ ትምህርት የተቋረጠበት ግን ስልሳ። ሁለተኛው፦ አንድ ልጅ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስኩ ላይ ተኝቷል። እዚህ ላይ «እንዲነቃ ፊቱን ይታጠብ» የሚለውን ግማሽ ነጥብ እንሰጠዋለን። ሙሉውን የሚያገኘው ከክፍል በኋላ ለብቻው አነጋግሮ፣ ጠዋት ምገባ ላይ ተገኝቶ እንደነበርና ሌሊት ምን ሲሠራ እንዳደረ የሚጠይቀው ነው።

ዓላማ 6። ሠልጣኙ ለመስከረም የመጀመሪያዎቹ አምስት የትምህርት ቀናት ዕቅድ ያወጣል። በየቀኑ አንድ ደንብ ወይም አንድ ልማድ፣ የሚያለማምድበት ሰዓትና ተማሪዎቹ መልመዳቸውን የሚያይበት መንገድ ይጻፋል። ዕቅዱ ከአማካሪ መምህሩ ወይም ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋር ታይቶ ይፈረምበታል።

ክፍል ገብተን የምንለካው

ዓላማ 7። ጥቅምት ውስጥ ሱፐርቫይዘሩ ቀኑን አስቀድሞ ተናግሮ ለ20 ደቂቃ ክፍል ይገባል፤ ድንገተኛ ፍተሻ አይደለም። ሦስት ነገር ይቆጥራል። ከደወል እስከ መጀመሪያው ሥራ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ይይዛል፤ ግባችን 4 ነው። መምህሩ በስማቸው የጠራቸውን ተማሪዎች ይቆጥራል፤ ቢያንስ 10። ደንቡን የጠበቀን ልጅ ለይቶ ያመሰገነበትንም ይቆጥራል፤ ቢያንስ 5 ጊዜ።

ስለ ስሙ ነገር አንድ ቃል። ረቂቁን ስንወያይበት አንድ ባልደረባችን «መምህሩ ለተማሪዎቹ ፍቅር ያሳያል» የሚል ዓላማ ይጨመር ብለው ነበር። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ሱፐርቫይዘሩ ግን ፍቅርን በየትኛው ሣጥን ይሞላዋል? ተነጋግረን ተነጋግረን ስም ላይ ደረስን። «አንተ ቀይ ሹራብ» መባልና በስም መጠራት ለልጅ አንድ አይደለም። ይህኛው ደግሞ ይቆጠራል።

አሠልጣኞች፣ ለየሠልጣኙ አንድ ገጽ ቅጽ ይኖራችኋል። ከየዓላማው ፊት «ደርሷል» ወይም «ገና» ብቻ ነው የሚሞላው። «መካከለኛ» የሚባል ሣጥን አውጥቻለሁ፤ ሁላችንም እዚያ ውስጥ እንደበቃለን። ሁለቱ ቀን ከዓመቱ 60 የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሰዓት ውስጥ 14ቱን ይይዛል። በመጀመሪያው ቀን «ገና» ያገኘ ሠልጣኝ በማግሥቱ 2:00 ሰዓት ላይ፣ ሌሎቹ ሳይገቡ፣ ከአሠልጣኙ ጋር ይደግማል። አሠልጣኞች ያን ቀን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ኑ። የክፍሎቹን ቁልፍ ከጥበቃው የምቀበለው እኔ ነኝ።