ላሊበላ፦ ለገና እንግዶቻችን የሚላኩ የዋትስአፕ መልእክቶች

*ክፍል ሲያዝ*
ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ እንግዳችን። ከታኅሣሥ 27 እስከ 30 ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ይዘንልዎታል። ቀብዱ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን። ቀሪውን ሲመጡ ይከፍላሉ።

*በዋዜማው*
እንደምን አመሹ? ነገ እንጠብቅዎታለን። ሾፌራችን የክፍልዎን ቁጥር፣ 7ን፣ የያዘ ወረቀት ይዞ ኤርፖርቱ በር ላይ ይቆማል። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ አይርሱ። ቤተ ክርስቲያኖቹ ውስጥ ጫማ ስለሚወልቅ ካልሲም ይጠቅምዎታል። በረራው ቢዘገይ አያስቡ፤ ሾፌሩ ይጠብቅዎታል።

*እንደገቡ*
እንኳን ደህና መጡ! ቡና እየተቆላ ነው፤ ዕቃዎን አስቀምጠው ብቅ ይበሉ።

*መብራት ሲጠፋ* (እንግዳው እስኪጠይቅ አትጠብቁ፤ ወዲያው ይላክ)
ይቅርታ እንጠይቃለን። መብራት ስለጠፋ የሻወሩ ውሃ ቀዝቅዟል። በእሳት የሞቀ ውሃ በ20 ደቂቃ ውስጥ በባልዲ በርዎ ድረስ እናመጣለን። መብራቱ እንደመጣም እንነግርዎታለን።

*ለገና ሌሊት*
እንኳን አደረስዎ! የቤዛ ኩሉ ዝማሬ ጠዋት በቤተ ማርያም ነው። ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ቦታ የሚገኘው በጊዜ ሲወጡ ነው። አስጎብኚው ከሌሊቱ 10 ሰዓት በር ላይ ይጠብቅዎታል። ነጠላ ካልያዙ ከእኛ ይውሰዱ።

*ሽኝት*
ስለመጡልን ከልብ እናመሰግናለን። የስልክዎ ቻርጀር ክፍልዎ ውስጥ ተገኝቷል፤ በማን እንላክልዎ? በሰላም ይግቡ።