ድመት ለማሳደግ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለወ/ሮ ጥሩወርቅ
ደብረ ማርቆስ

እንደምን ሰነበቱ፣ እማማ? በተከራየሁት ክፍል አንድ የአራት ወር ወንድ ድመት እንዳሳድግ እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ውላችን ስለ እንስሳ የሚለው ነገር የለም፤ ቢሆንም ሳላስፈቅድ ላስገባው አልፈለግሁም። አሁን ያለው እህቴ ዘንድ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስብዎት ሽታው ይመስለኛል። ለመጸዳጃው ጎድጓዳ ሳፋ ላይ 8 ሳንቲሜትር ያህል ደረቅ አሸዋ አደርጋለሁ። አሸዋው ከሳሳ ሽንቱ ሳፋው ላይ ይጣበቃል፣ የሚሸተውም ያኔ ነው። ዓይነ ምድሩን ጠዋትና ማታ አንስቼ በፌስታል ቋጥሬ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች እሰጣለሁ። በየሳምንቱ አሸዋውን በሙሉ ቀይሬ ሳፋውን በፈላ ውሃ አጥባለሁ። ልጅዎ ነፍሰ ጡር ስለሆነች በየቀኑ መነሣቱ ለሽታው ብቻ አይደለም፦ ለፅንስ የሚያሰጋው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ ከድመት ወደ ሰው የሚተላለፈው ዓይነ ምድሩ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው። እሷ ግን ሳፋውን ጨርሶ አትንካው።

ወለሉ ላይ ቢሸና ሲሚንቶው ሳይመጠው በጨርቅ አድርቄ፣ እኩል ውሃ የተቀላቀለበት አቼቶ አፍስሼ ትንሽ አቆይቼ አጥባለሁ። በረኪና አላስነካውም፤ ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይወስድ ግቢው አይገባም፤ በየዓመቱም ይደገማል፣ ወረቀቱን አሳይዎታለሁ። ስድስት ወር ሲሞላው በእንስሳት ሐኪም አስኮላሸዋለሁ፤ ያልተኮላሸ ወንድ ግድግዳ ላይ እየሸና ክልሉን ያመለክታል፣ ያ ሽታ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

ጫጩቶችዎ እስኪያድጉ ከክፍሌ አይወጣም። ሰጣ በሚያሰጡበት ቀንም እንዲሁ፤ ድመት ደረቅ እህል ላይ መሽናት ይወዳል። በሩን እንዳይቧጭር በቃጫ ገመድ የተጠመጠመ ግንድ አቆምለታለሁ። የጎተራዎን አይጥ ይጨርሳል ብዬ ግን አልምልልዎትም፣ ገና ትንሽ ነው።

ከመግባቱ በፊት በሩን፣ ግድግዳውንና ኮርኒሱን አብረን ፎቶ እናንሣ። ያበላሸውን በ7 ቀን ውስጥ በራሴ ወጪ አሠራለሁ። ቀለሙ ቢቧጨር የተቧጨረውን ብቻ ሳይሆን ያንን ግድግዳ በሙሉ በዚያው ቀለም አስቀባለሁ፣ ቁራጭ ቅብ ይለያልና። የኮርኒሱ ጨርቅም ቢቀደድ አይጣፍም፣ ይቀየራል። ለዚህ 2,000 ብር መያዣ በደረሰኝ አስቀምጣለሁ፤ ጥገናው ከበለጠ እጨምራለሁ፣ ጉዳት ከሌለ ስለቅ ይመልሱልኛል። ከዚህ አንዱን ብጥስ ወይም ጎረቤት ቢያማርር፣ በነገሩኝ በ15 ቀን ውስጥ ድመቱን አስወጣለሁ።

ከእርስዎም አንድ ነገር ልለምን፦ የአይጥ መርዝ ሲያደርጉ አስቀድመው ይንገሩኝ። መርዝ የበላች አይጥ ድመቱንም ልትገድለው ትችላለች።

ከተስማሙ ይህንኑ በሁለት ቅጂ ፈርመን አንድ አንድ እንያዝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለመልስዎ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ተከራይዎ ማስተዋል