ከአድሚን፦ ስለዚህ ፖስትና ከስሩ ስለተጻፉት ኮሜንቶች

ሰላም ለሁላችሁ።

በመጀመሪያ ለፖስቱ ባለቤት፦ እህታችን፣ ልጅዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። ሦስት ቀን የሚያተኩስ ልጅ ታቅፎ ማደር ምን እንደሆነ እዚህ ያለን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ከዚህ በታች የምጽፈው እርስዎን ለመውቀስ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይወቁልኝ። ጥያቄዎ በቀና ልብ የተጠየቀ ነው። ደንባችንን የነካው ግን ሁለት ቦታ ላይ ነው። ከስሩ የመጡት ኮሜንቶች ደግሞ ከፖስቱም በላይ ነክተውታል። ስለዚህ ለእርስዎ በኢንቦክስ ብቻ ጽፌ ከማልፍ ለሁላችንም እዚሁ መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው።

ፖስቱ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወጣ። ዓመት ከአሥር ወር የሆነው ልጅ ትኩሳትና ሳል አለው፤ ቤት ውስጥ ካለፈው ጊዜ የተረፈ አሞክሳሲሊን አለ፤ «ስንት ልስጠው?» ይላል። አብሮ የላብራቶሪ ውጤት ፎቶ ነበር። አምስት ሰዓት ሳይሞላ 41 ኮሜንት ገባ።

ከፎቶው ልጀምር፣ እሱ አጭር ነው። ደንብ 5 የልጅ ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥርና የምርመራ ወረቀት እዚህ አይለጠፍም ይላል። ወረቀቱ ላይ የልጁ ስም ከነአባቱ፣ የካርድ ቁጥሩና ስልክ ቁጥር በግልጽ ይነበብ ነበር። የሌላ ሰው ፖስት ውስጥ ገብተን ፎቶ ብቻ ለይተን ማንሳት ስለማንችል እህታችንን በኢንቦክስ ጠየቅናቸው፤ ወዲያው አነሱት፣ እናመሰግናለን። ስክሪንሾት ያነሳችሁ ካላችሁ እባካችሁ አጥፉት። «ለዶክተር ጓደኛዬ ላሳይላት ብዬ ነው» ያላችሁትን ጨምሮ። ሐሳባችሁ ጥሩ ነው፣ ወረቀቱ ግን የልጁ ነው። ልጁ አድጎ አንድ ቀን ስሙን ፈልጎ የሰገራ ምርመራውን ማግኘት የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደንብ 3፦ እዚህ ግሩፕ ውስጥ የመድኃኒት መጠን አይጠየቅም፣ አይነገርም። ደንቡን ስናወጣው ብዙ ሰው «ታዲያ ግሩፑ ለምን ይጠቅማል?» ብሎን ነበር። ዛሬ ማታ የሆነውን ተመልከቱልኝ። ለአንድ ልጅ፣ በአንድ ፖስት ስር፣ «አንድ ማንኪያ ጠዋት ማታ» የሚል አለ። «ሁለት ማንኪያ በቀን ሦስቴ» የሚል አለ። «አምስት ሲሲ» ያለም አለ። ሦስቱም ለልጁ አስበው ነው የጻፉት። ግን ልጁ ስንት ኪሎ እንደሆነ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ጠርሙሱ ላይ ምን እንደተጻፈ የጠየቀም የለም።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። እኔው ራሴ ላይ ደርሷል። ልጄ ትንሽ እያለች አተኮሳት። የለመድነው የትኩሳት ሽሮፕ አልቆ ስለነበር ባለቤቴ ሌላ ገዝቶ መጣ። ያው ፓራሲታሞል ነው፤ ቀለሙም ያው፣ ሽታውም ያው። እንደ ልማዴ በዚያው በለመድኩት ልክ ሰጠኋት። ከዚያ ጠርሙሱን ላስቀምጥ ስል መብራቱ ስር ጽሑፉን አየሁት። የድሮው በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ነበር። አዲሱ በዚያው በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም። ከእጥፍ በላይ! ሁለቱን ጠርሙስ ጎን ለጎን አድርጌ ስንቴ እንዳነበብኳቸው አላውቅም። ለሐኪም ደወልን፤ አንድ ጊዜ ብቻ ስለነበር ምንም አልሆነችም፣ እኔ ግን እስኪነጋ ደረቷ ላይ እጄን አድርጌ ተቀመጥኩ።

እና «አንድ ማንኪያ» የሚለው ምክር ምን ማለት ነው? የማን ማንኪያ? የየትኛው ጠርሙስ? የቤት ማንኪያ እንኳ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ሐኪም ልጁን ሚዛን ላይ የሚያወጣው ለወግ አይደለም፣ መጠኑ የሚሰላው በኪሎው ስለሆነ ነው። እዚህ ደግሞ ሚዛን የለም። ያለው ስልክ ብቻ ነው።

ስለ ተረፈው አሞክሳሲሊንም አንድ ነገር ልበል፣ ጥያቄው የተነሳው ከእሱ ስለሆነ። የልጆቹ አሞክሳሲሊን ዱቄት ሆኖ መጥቶ በውሃ የሚበጠበጥ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየው ለቀናት ነው፤ እንደ አምራቹ 7 ወይም 14 ቀን ይጻፍበታል። ከወራት በፊት የተበጠበጠ ከሆነ መጠኑን ማወቅም ጥቅም የለውም፣ መጣል ነው። ደግሞ አንቲባዮቲክ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው። ጉንፋንና አብዛኛው የልጆች ሳል ግን ከቫይረስ ነው የሚመጣው፣ አሞክሳሲሊን አይነካውም። የዚህ ልጅ የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም። እናንተም አታውቁም። አይቶ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል።

ዛሬ በጣም ያስደነገጠን ኮሜንት «አስፕሪን ግማሽ ፍሬ ፈጭተሽ ስጪው፣ እኛ በዚያ ነው ያደግነው» የሚለው ነው። ጸሐፊው ታላቃችን ናቸው፣ በክፋት እንዳልሆነም እናውቃለን። እውነታቸውን ነው፣ ድሮ ይሰጥ ነበር። አሁን ግን ሐኪም ካላዘዘ በቀር ለልጅ አይሰጥም። ከቫይረስ ሕመም ጋር ሲገጥም ሬይ ሲንድረም የሚባል፣ ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፣ ከተከሰተ ግን ከባድ ነው። ኮሜንቱን ያነሳነው ለዚህ ነው እንጂ ታላቃችንን ለማሳፈር አይደለም፤ ለእርሳቸው በኢንቦክስ ጽፌላቸዋለሁ፣ በደግ ቃል መልሰውልኛል።

«ማር ይስጡት» ያላችሁትን አላነሳንም። ዓመት ላለፈው ልጅ ለሳሉ ችግር የለውም። ግን ይህን ፖስት የአራት ወር ሕፃን የታቀፈች እናትም ታነበዋለች። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር ፈጽሞ አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም የሚባል መመረዝ ሊያመጣበት ስለሚችል። ኮሜንታችሁ ስር ጨምሩበት ብዬ ነው።

ሌላው ደንብ 1 ነው፣ መከባበር። «ምን ዓይነት እናት ነሽ ሦስት ቀን ቤት የምታስቀምጪ» የሚል ኮሜንት ተጽፎ 23 ላይክ አግኝቶ ነበር። ሃያ ሦስት! አንስተነዋል። የጻፈችውን እህት ለሰባት ቀን ከመጻፍ አግደናታል፣ ማንበብ ትችላለች። ብዙዎቻችሁ «ያለችው እኮ ትክክል ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። ልጁ መታየት አለበት ማለት ትክክል ነው፣ እኔም እላለሁ። እናትን መስደብ ግን ልጁን ሐኪም ቤት አያደርሰውም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ነገ ልጇ የሚታመምባት ሌላ እናት እዚህ ከመጠየቅ ዝም እንድትል። ዝም ያለች እናት ደግሞ የተረፈውን መድኃኒት ብቻዋን ትሰጣለች።

«ኢንቦክስ አድርጊኝ፣ ከውጭ የመጣ ምርጥ ቫይታሚን አለኝ» ላላችሁት ሁለት አባላት ደንብ 7ን አስታውሳለሁ፣ እዚህ አይሸጥም። በታመመ ልጅ ፖስት ስር ደግሞ በጭራሽ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ የለም።

ታዲያ ምን ይጠየቅ? ብዙ ነገር ይጠየቃል። «መድኃኒት ሲተፋብኝ እንዴት ላድርግ?»፣ «ሐኪሙን ምን ምን ልጠይቀው?»፣ «ሌሊቱን እንዴት አሳለፋችሁት?» ብትሉ መቶ እናትና አባት ልምዱን ያካፍላል። ከኮሜንቶቹ አንዷ እህት «በማንኪያ ፈንታ ፋርማሲውን መለኪያ ሲሪንጅ ጠይቂያቸው፣ በጉንጩ በኩል ቀስ እያልሽ ስጪው» ብላለች። እንዲህ ያለው ነው የሚፈለገው። መጠኑን አልነገረቻትም፣ የታዘዘው እንዴት እንደሚሰጥ ግን አሳየቻት። ኮሜንቷን ከላይ ሰክተነዋል።

ከመድኃኒት መጠን ሌላ አንድ ነገር ደግሞ እዚህ መጠየቅ የለበትም፣ መልስ እስኪመጣ ጊዜ ስለማይሰጥ። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከወትሮው በተለየ ከፈዘዘ ወይም አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ጎኑ እየገባ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ቆዳው ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ ከወጣ፣ ስልኩን ጣሉትና ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከሆነ ደግሞ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ብቻውን ይበቃል። መልሱን እዚሁ አትጠብቁ።

እህታችን፣ በኢንቦክስ እንደነገርኩዎት ልጅዎ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ባይኖረው እንኳ ትኩሳቱ ሦስት ቀን ስለሆነው ነገ ሳያድር ይታይ። የተረፈውን ጠርሙስ ይዘውት ይሂዱና ለሐኪሙ ያሳዩት፣ ካሁን በፊት ምን እንደወሰደ ማወቁ ይጠቅመዋል። ዛሬ የትኩሳት መድኃኒት ሰጥተውት ከሆነም ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ይጻፉት። በድንጋጤ መሐል ይረሳል።

ፖስቱን አላጠፋነውም። ጥያቄው የብዙ እናት ጥያቄ ነው፣ ነገ ሌላዋ ፈልጋ ታገኘዋለች። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለውን «ስንት ልስጠው» የሚለውን ብቻ እህታችን ሲመቻቸው ቢያስተካክሉልን ደስ ይለናል፣ ዛሬ ግን አይቸኩሉበት። መጠን የተጻፈባቸው ዘጠኝ ኮሜንቶች ተነስተዋል። የተነሳባችሁ ሰዎች አልተቀጣችሁም፣ መጠኑን አውጥታችሁ ልምዳችሁን መልሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ቅሬታ ያለው ሰው እዚህ ስር ከመከራከር ለእኔ ወይም ለሌሎቹ ሁለት አድሚኖች ኢንቦክስ ያድርግ፣ እንመልሳለን። አንዳንዴ እኛም እንሳሳታለን፤ ባለፈው ወር ያለአግባብ ያነሳነውን ፖስት ይቅርታ ጠይቀን መልሰናል።

ኮሜንት እስከ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ዘግተነዋል። እህታችን ከሐኪም ሲመለሱ ልጁ እንዴት እንደሆነ ሊነግሩን ከፈለጉ ያኔ ክፍት ይሆናል። ካልፈለጉም ግዴታ የለም።