ማየት ዕዳ የለበትም

ለሰሌዳ ጸሐፊውና የሱቃችንን የኢንተርኔት ገጽ ለምትይዝልኝ ልጄ፦ የቀድሞውን ሰሌዳ ፀሐይ ስለበላው አዲስ እናስጽፋለን፤ ገጹም አብሮ ይታደስ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ክር፣ መርፌ፣ የልብስ ቁልፍ፣ አምፖልና የባትሪ ድንጋይ ሻጮች ነን። ቃላችንም እንደ ዕቃችን ትንሽ፣ ግን በየቀኑ የሚያገለግል ይሁን። «ፍጠኑ»፣ «እንዳያመልጥዎ»፣ «የመጨረሻ ዕድል» የሚሉትን አልጻፍኩም። ነገም እዚሁ ነን፤ ሰው ለምን ይሯሯጣል? የሚከተለው ሳይጨመርበት፣ ሳይቀነስበት ይጻፍ።

ከበሩ በላይ፣ በትልቁ፦

ሲመሽ አምፖል፣ ሲቀደድ ክር፣ ሲሳሳቱ ላጲስ

ከሥሩ፣ አነስ ባለ ፊደል፦

የጽሕፈት መሣሪያ፣ የስፌት ዕቃና የቤት መብራት

በበሩ ቀኝ፦

ማየት ዕዳ የለበትም፤ መጠየቅም አያስከፍልም።

በበሩ ግራ፦

በራችን ጠባብ ነው፤ ፊታችን ግን ፈታ ያለ ነው።

ቦታ ከጠበበ የግራው ይቅር፤ የቀኙ ግን የግድ ይጻፍ። ደጅ ቆሞ በመስታወት አጮልቆ የሚመለሰውን ሰው ሁልጊዜ አየዋለሁ። ከገባ ሳይገዛ መውጣት የሚያሳፍረው ይመስለዋል። ያ ሰው ነው ይህን ማንበብ ያለበት።

በመስታወቱ ላይ፦

ዝናብ ከያዘዎት ገብተው ይጠለሉ። ሲያባራ ይሂዱ፤ መግዛት አይጠበቅብዎትም።

በሩ ላይ በምትንጠለጠለው ሰሌዳ፣ በፊቷ፦

ክፍት ነው፤ ይግቡ።

በጀርባዋ፦

ለዛሬ ዘግተናል። በሚቀጥለው የሥራ ቀን ጠዋት በ2 ሰዓት እዚሁ ነን። ደህና ይደሩ።

ከቁልፎቹ መሳቢያ በላይ፦

አንዲት ቁልፍ ጠፍታ ሸሚዙ ለምን ይጣላል?
አንዷንም ነጥለን እንሸጣለን። ልብሱን ይዘው ይምጡ፤ የምትመስለውን አብረን እንፈልጋለን።

ከክሩ ዘንድ፦

ቀዳዳ በትንሽነቱ ክር ይበቃዋል፤ ካደገ ጨርቅ ይጠይቃል።

ከደብተሩ ዘንድ፦

ያሰቡትን ቀን ያስረሳዋል፤ የጻፉትን ደብተር ይጠብቀዋል።

ከእርሳሱና ከላጲሱ ዘንድ፦

ላጲስ የያዘ እጅ ለመጻፍ አይፈራም።

ከእስክሪብቶው ዘንድ፦

ይሞክሩት። ወረቀቱ ከአጠገቡ ነው፤ ለእጅዎ ካልቀለለ ሌላውን ያንሱ።

ከአምፖሉ ዘንድ፦

ከመክፈልዎ በፊት እናበራዋለን። ጨለማ ይዘው አይመለሱም።

ባንኮኒው ላይ አራት ካርዶች ይቆማሉ። የመጀመሪያው፦

የሌለን ዕቃ ቢፈልጉ የት እንደሚያገኙት እንነግርዎታለን።

ሁለተኛው፦

ካልተስማማዎት ደረሰኙን ይዘው በ7 ቀን ውስጥ ይመልሱት። ሲገዙ ያየነው ፊት ሲመልሱም ያው ነው።

ሦስተኛው፦

ልጅ ብቻውን ቢላክም ዋጋው ያው ነው፤ መልሱም ሙሉ ነው።

አራተኛው የዱቤው ነው፤ እሱን ብዙ ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። የሚሳለቅ የዱቤ ጽሑፍ አልወድም፤ የቸገረውን ሰው ያሸማቅቃል። ስለዚህ እንዲህ ይሁን፦

ዱቤ የማንሰጠው ስላላመንዎት አይደለም። ባለዕዳ መንገድ ይቀይራል፤ እኛ ደግሞ በበራችን ሲያልፉ ሰላም ልንልዎት እንፈልጋለን።

አሁን ወደ ገጹ። ልጄ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። የምንለው ሲኖረን እንበል፤ የሰውን ስልክ በከንቱ አናንጫርር።

ከገጹ ስም በታች የሚቀመጠው፦

ትንንሽ ዕቃ፣ ትልቅ ቁም ነገር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት። ባይገዙም ይጠይቁ።

ሁልጊዜ ከላይ የሚታየው የመግቢያ ጽሑፍ፦

እንኳን ደህና መጣችሁ። ሱቃችን ከሦስት ሰው በላይ አንድ ላይ አያስገባም፤ በዚህም ምክንያት ከሚመጣው ሰው ጋር ሁሉ እንነጋገራለን። ለየትኛው ጨርቅ የትኛው መርፌ፣ ለየትኛው ክፍል የትኛው አምፖል እንደሚስማማ የምናውቀውን እንነግራችኋለን። ርካሹ የሚበቃችሁ ከሆነ ውዱን አናነሳባችሁም። በዚህ ገጽ ላይም የምንጽፈው ቤታችሁ ባለው ዕቃ ጭምር የሚጠቅማችሁን ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት፣ ስለ አምፖል፦

ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል የድሮው ባለ 60 ዋት ባለ ክር አምፖል የሚሰጠውን ያህል ብርሃን ይሰጣል። የድሮው አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሲበራ ቆይቶ ቢነኩት የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ያላችሁ አምፖል ገና የሚሠራ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ቀይሩ አንልም። ሲቃጠል ያን ጊዜ ብቅ በሉ፤ ዋቱን አብረን እንመርጣለን።

ስለ እርሳስ፦

ስሙ እርሳስ ነው፤ ውስጡ ግን እርሳስ የሚባለው ብረት የለበትም። የሚጽፈው ጥቁሩ ነገር ግራፋይት ከሸክላ አፈር ጋር ተቀላቅሎ የተሠራ ነው። ሸክላው ሲበዛ ጠንካራና ፈዛዛ፣ ግራፋይቱ ሲበዛ ለስላሳና ደማቅ ይሆናል። ኤችቢ የሚለው መሐል ላይ ያለው ነው፤ ለትምህርት ቤት ይስማማል። ሥዕል ለሚወድ ልጅ ለስላሳው 2ቢ ወይም 4ቢ እጁን አይከለክለውም። የቱ እንደሚሻል ልጁ ራሱ መጥቶ በወረቀት ላይ ይሞክር።

ስለ ቁልፍ፣ ከፎቶ ጋር፦

ቁልፍ ስትተክሉ ከሥሯ የክብሪት እንጨት አስገቡና በላዩ ስፉ። ሲያልቅ እንጨቱን አውጡት፤ በቁልፏና በጨርቁ መካከል የቀረውን ክር በዚያው ክር ዙሩበትና ቋጥሩት። ወፍራም ካፖርት ሲቆለፍ ጨርቁ የሚቀመጥበት ቦታ ያገኛል፤ ቁልፏም ቶሎ አትበጠስም። እኔን ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ክሩ ቤታችሁ ካለ ዛሬ ማታ ሞክሩት፤ ከሌለ መልኩን ከልብሱ ጋር እናስተያያለን።

ስለ መርፌ፦

ብዙ ሰው የሚያደናግረው ቁጥሩ ነው። በእጅ መስፊያ መርፌ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። በስፌት መኪና መርፌ ደግሞ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይወፍራል። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ ጨርቁን ብቻ አሳዩን።

ስለ ባትሪ ድንጋይ፦

አዲሱን ከአሮጌው ጋር አትቀላቅሉ። አሮጌው ቀድሞ ይደክማል፤ ከዚያ በኋላ ሊያፈስና ዕቃውን ሊያበላሽ ይችላል። አንዱ ሲያልቅ ሁለቱንም ቀይሩ። ደግሞም ወፍራሙ ባለ ሁለት ኤ እና ቀጭኑ ባለ ሦስት ኤ ሁለቱም 1.5 ቮልት ናቸው፤ ወፍራሙ የሚበልጠው በሚቆይበት ጊዜ ነው። ለረጅም ጊዜ ከማትጠቀሙበት ዕቃ ላይ ድንጋዩን አውጡት። ይህን በማለታችን የምንሸጠው ድንጋይ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ ዕቃችሁ ግን ይተርፋል።

ትምህርት ሲከፈት፦

የደብተሩን ዝርዝር ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት የአምናውን ቦርሳ አንድ ጊዜ ገልብጡት። ግማሽ ያልተጻፈበት ደብተር፣ የሚጽፍ እስክሪብቶ፣ ደህና ማስመሪያ አይጠፋም። የጎደለውን ብቻ ጻፉና አምጡ። እርሳስ መቅረጫውን እኛ ጋ ቆማችሁ ሞክሩት፤ እርሳሱን የሚሰብር ከሆነ አትወስዱትም፣ ከመደርደሪያው እናወርደዋለን።

አጫጭሮቹ፣ ሥራ በሚበዛበት ቀን አንድ አንዱ ከፎቶ ጋር የሚወጣ፦

ያልተላከ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ፖስታ ብቻ ነው።

መርፌ ብትጠፋ ቤቱ ሁሉ ይፈተሻል፤ ለዚህም ነው መያዣዋን አብረን የምናስቀምጠው።

ለአንድ ደቂቃ ሥራ የሚሆን ዕቃ ለዓመታት ይፈለጋል። መሳቢያችሁ ውስጥ ከሌለ የእኛን እዩ።

የጨለመ ደረጃ ላይ አንድ አምፖል፣ ለሚወጣም ለሚወርድም።

ዛሬ አዲስ የመጣ ዕቃ የለም። ያለው ግን ተወልውሎ በቦታው ተቀምጧል።

ይህ የመጨረሻው ለአንቺ እንግዳ ሊሆንብሽ ይችላል፤ ግን አውጪው። አዲስ ነገር በሌለበት ቀን አለ ካልን፣ በሚኖርበት ቀን ማን ያምነናል?

ባለፈው ወር ስለተሸጡት እስክሪብቶዎች የሚወጣው ይቅርታ፣ ሳይለሰልስ እንዲህ ይውጣ፦

ባለፈው ወር የሸጥናቸው ባለ ሰማያዊ ክዳን እስክሪብቶዎች መሐል መሐል ላይ ቀለም እያቋረጡ መሆኑን ሁለት ደንበኞች ነግረውናል። ራሳችን ሞከርናቸው፤ እውነት ነው። የቀሩትን ከመደርደሪያ አንስተናል። የገዛችሁ አምጧቸው፤ ግማሹ ያለቀም ቢሆን፣ ደረሰኝ ባይኖርም፣ በሌላ እንቀይራለን ወይም ገንዘባችሁን እንመልሳለን። ከመሸጣችን በፊት ብንሞክራቸው ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ከእንግዲህ ከየካርቶኑ የተወሰኑትን ጽፈንባቸው ነው የምንደረድረው። ለነገሩን ሁለት ሰዎች ምስጋናችን ከልብ ነው።

በመልእክት ለሚጠይቁ የሚሰጡ መልሶች። ዋጋ ለጠየቀ ዋጋውን ንገሪው፤ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» አትበይ። ከዋጋው በታች ይህ ይከተል፦

ዋጋው ይህ ነው። ዕቃው እስከ ቅዳሜ ይኖራል ብለን እንገምታለን፤ ከፈለጉ ስምዎን ጽፈን እናስቀምጥልዎታለን፤ ሐሳብዎን ቢቀይሩም ቅር አይለንም።

የሌለንን ዕቃ፣ ለምሳሌ የስፌት መኪና መለዋወጫ፣ ለጠየቀ፦

ይቅርታ፣ ይህ እኛ ጋ የለም፤ በቅርቡም አናመጣውም። የስፌት መኪና ጥገና የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ቢጠይቁ የማግኘት ዕድልዎ ሰፊ ነው።

ክሩ ውድ ነው ላለ፦

ልክ ነው፤ ከሌላው ከፍ ይላል። ልዩነቱ ክሩ ሲታጠብ ቀለሙን አለመልቀቁ ነው። ለማይታጠብ ነገር ከሆነ ግን ዝቅ ያለው ይበቃዎታል፤ እሱም አለን።

ጠይቆ ለጠፋ ሰው ምንም አይላክ። በሌላ ቀን ተመልሶ ከጻፈ፦

እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው የጠየቁት ቡናማ ክር አሁንም አለ። ቁራጭ ጨርቅ ካለዎት ይዘው ይምጡ፤ በቀን ብርሃን በሩ ላይ ቆመን እናስተያየዋለን።