የ1ኛ ሩብ ዓመት ወጪ በክፍልና በወር፦ ለሰኞው ግምገማ

ለፋይናንስ ሥራ አስኪያጃችን
ከሒሳብ ክፍል፣ ድሬዳዋ
ጥቅምት 6 ቀን 2018

እንደምን ሰነበቱ? የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም ወጪ በፒቮት ተጠቃሎ አልቋል። ፋይሉን አያይዤዋለሁ። ሰንጠረዡ ይኸው፤ ቁጥሩ በብር ነው፣ ቫት አልተጨመረበትም፣ ደመወዝም የለበትም።

| ክፍል | ሐምሌ | ነሐሴና ጳጉሜ | መስከረም | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| ምርት | 1,842,300 | 1,905,100 | 1,798,600 | 5,546,000 |
| ጥገና | 236,450 | 251,200 | 612,800 | 1,100,450 |
| ትራንስፖርት | 418,900 | 447,300 | 431,200 | 1,297,400 |
| ሽያጭ | 152,700 | 161,400 | 188,900 | 503,000 |
| አስተዳደር | 297,650 | 334,000 | 301,500 | 933,150 |
| ድምር | 2,948,000 | 3,099,000 | 3,333,000 | 9,380,000 |

ጊዜ ካጠረዎት የጥገናን መስከረም ብቻ ይዩልኝ። በአንድ ወር 361,600 ብር ጨምሯል። 612,800 የሚለው ላይ ሁለቴ ክሊክ ሲያደርጉ ዝርዝሩ በአዲስ ገጽ ይከፈታል። አብዛኛው የተለመደው ነው፤ ቡሎን፣ ቀበቶ፣ ግሪስ። አንዱ መስመር ግን ብቻውን 345,000 ብር ነው፦ ለማሸጊያ ማሽኑ የተገዛው አዲስ ሞተር። እንደ እኔ ይህ የመስከረም ወጪ ሳይሆን ቋሚ ንብረት ነው፤ ለዓመታት የሚያገለግል ነገር ነው። ወደ ንብረት ከተዛወረ የጥገና መስከረም 267,800፣ የሩብ ዓመቱ ድምር ደግሞ 9,035,000 ይሆናል። የጥገና ልጆች ገንዘብ አባከኑ ተብሎ ስብሰባ ላይ እንዳይነሳባቸው ስለፈለግኩ አስቀድሜ ነገርኩዎት። ሳይወስኑ ግን አልነካሁትም።

ትራንስፖርት በነሐሴ የጨመረ ይመስላል፤ አልጨመረም። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ስላጠቃለልኩ አምዱ የ35 ቀን ነው። የጳጉሜ 5 ቀን 31,750 ብር ሲወጣለት 415,550 ይቀራል፤ ከሐምሌ እንኳ ያንሳል። ሐረር የሚመላለሱት መኪኖች የደንገጎን ዳገት እየወጡ እየወረዱ ጎማና ፍሬን የሚጨርሱት እንደ ወትሮው ነው።

አሁን ስለ አሠራሩ። ከፒችትሪ ያወጣሁት 412 መስመር ነው። መጀመሪያ ቀኑን ለኤክሴል ትቼለት ነበር፤ እሱ የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ነው። ሴፕቴምበር ብሎ የሰበሰበው የነሐሴን የመጨረሻ 5 ቀን፣ ጳጉሜን በሙሉና የመስከረምን 20 ቀን አንድ ላይ ነው። ያ ደግሞ ከኛ መዝገብ ጋር በፍጹም አይገናኝም። ስለዚህ ቀኑን በኛው አቆጣጠር በጽሑፍ አስቀምጬ (05/01/2018 እንደማለት) የወር አምድ ጨመርኩ፦

```
=IF(VALUE(MID(A2,4,2))=11,"01 ሐምሌ",IF(VALUE(MID(A2,4,2))>=12,"02 ነሐሴና ጳጉሜ","03 መስከረም"))
```

ፊት ላይ ያለው ቁጥር ለቅደም ተከተል ነው። ካልተጻፈ ኤክሴል በፊደል ስለሚደረድር መስከረም ከነሐሴ ይቀድማል።

ከሁሉም ያስቸገረኝ የክፍሎቹ ስም ነው። 5 ክፍል ይዘን ፒቮቱ 9 መስመር አወጣ። አንዱ ጸሐፊ «አስተዳደር» ይላል፣ ሌላው «አሥተዳደር»፤ ለእኛ አንድ ነው፣ ለኤክሴል ሁለት ክፍል። «ጥገና» ከኋላው ባዶ ቦታ ስለነበረው እሱም ለብቻው ወጣ። ባዶ ቦታውን በ`TRIM` አጸዳሁ፤ ፊደሉን ግን አንድ በአንድ በእጄ አስተካከልኩ። ከእንግዲህ ክፍሉ ከዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ አድርጌያለሁ።

7 ቫውቸር ላይ ደግሞ ከቁጥሩ ጎን «ብር» ተጽፎ ነበር። ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ስለወሰዳቸው አምዱን መደመር ትቶ መቁጠር ጀመረ፤ ወደ `Sum` ስቀይረው እነዚያን ዝም ብሎ ዘለላቸው። 23,400 ብር ድምፁን ሳያሰማ ሊጠፋ ነበር። ያገኘሁት የፒቮቱን ድምር ከጠቅላላ መዝገቡ ጋር ሳስተያይ ነው። አሁን ሁለቱም 9,380,000 ናቸው፤ እስከ ሳንቲሙ።

ፒቮቱ `Rows` ላይ ክፍል፣ `Columns` ላይ ወር፣ `Values` ላይ ከቫት በፊት ያለው ዋጋ ነው። የወጪ ዓይነትን `Filters` ላይ አድርጌዋለሁ፤ ነዳጅን ወይም መለዋወጫን ለይተው ማየት ከፈለጉ ከላይ ይምረጡ። መረጃው ላይ አንድ ነገር ከተነካ `Refresh All` ማለትን አይርሱ፤ በራሱ አይታደስም።

የሞተሩ ደረሰኝና የግዢ መጠየቂያው ኮፒ ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ውሳኔዎን እስከ ቅዳሜ ረፋድ ካገኘሁ አስተካክዬ ለሰኞ ጠዋት አትሜ አደርሳለሁ።